በሦስት ዙር በተለያየ ዋጋ የተገዛ ዱቄት አማካይ ወጪ እና የዳቦ ዋጋ አተማመን

የዳቦ ዋጋ ሲተመን ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ዱቄቱ በስንት ተገዛ የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል የሚሆነው ዱቄቱ በአንድ ጊዜና በአንድ ዋጋ የተገዛ እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ ዳቦ ቤት በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ዱቄት ቢያስገባና ዋጋው በየጊዜው ቢለያይ፣ ዛሬ ከመጋገሪያው የወጣው ዳቦ ከየትኛው ግዥ እንደ ተሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም። ጆንያዎቹ በመጋዘን ተደባልቀው ይደረደራሉ፤ የተከፈተ ጆንያ ትራፊም ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቦካል። የሒሳብ ሙያ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ክብደት የተሰጠው አማካይ ዋጋ ነው። ይህ ጽሑፍ የአማካዩን አሠራር በአንድ ምሳሌ ይከታተላል። ቀጥሎም ለሒሳብ መዝገብ ትክክል የሆነው ቁጥር እንዳለ ለዋጋ ውሳኔ ሲወሰድ፣ በመዝገብ ላይ ትርፋማ የሆነ ዳቦ ቤት የሸጠውን ዱቄት መልሶ መግዛት እንዴት እንደሚያቅተው ያሳያል። የምሳሌው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው እንጂ የአንድ የተወሰነ ዓመት የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ሦስቱ ግዥዎችና አማካያቸው

መጋዘኑ ባዶ የሆነ አንድ ዳቦ ቤት ሐምሌ 4 ቀን 60 ኩንታል ዱቄት በኩንታል 7,800 ብር፣ ሐምሌ 17 ቀን 30 ኩንታል በ8,400 ብር፣ ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ 10 ኩንታል በ9,600 ብር ገዛ እንበል። እነዚህ ዋጋዎች የፋብሪካው የሽያጭ ዋጋ ብቻ አይደሉም። የማጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያና ተመላሽ የማይሆን ታክስ ተጨምሮባቸው፣ የተደረገ የዋጋ ቅናሽ ካለም ተቀንሶላቸው፣ ዱቄቱ መጋዘን እስኪደርስ የወጣውን ሙሉ ወጪ ያሳያሉ። ብዙ ዳቦ ቤቶች የጭነት ክፍያን በልዩ ልዩ ወጪ ሥር ስለሚመዘግቡ የዱቄት አማካያቸው ከመነሻው ያነሰ ይሆናል።

ሦስቱን ዋጋዎች ደምሮ ለሦስት ማካፈል 8,600 ብር ይሰጣል። ይህ ቁጥር 60 ኩንታልንና 10 ኩንታልን እኩል ስለሚቆጥር ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ዋጋ በተገዛው መጠን አባዝቶ፣ ድምሩን ለጠቅላላው መጠን ማካፈል ነው፦

(60 × 7,800 + 30 × 8,400 + 10 × 9,600) ÷ 100 = 816,000 ÷ 100 = 8,160 ብር

ስሕተቱን ለመለየት ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። አንድ አማካይ ትክክል የሚሆነው በጠቅላላው መጠን ሲባዛ በደረሰኞቹ ላይ የተከፈለውን ገንዘብ መልሶ ሲሰጥ ነው። 8,600 በ100 ኩንታል ሲባዛ 860,000 ብር ይሆናል፤ የተከፈለው ግን 816,000 ብር ነው። የ44,000 ብር ልዩነት ማንም ያልከፈለው ወጪ ነው።

በዚህ ምሳሌ ቀላሉ አማካይ ከትክክለኛው በላይ የሆነበት ምክንያት አለው። ዋጋ ሲወደድ ዳቦ ቤቱ በእጁ ያለው ገንዘብ ስለማይበቃው የሚገዛው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ርካሹ ግዥ ብዙ፣ ውዱ ግዥ ጥቂት ይሆናል። ገዢው በየዙሩ ፍጹም እኩል ገንዘብ የሚያወጣ ቢሆን፣ ክብደት የተሰጠው አማካይ ከዋጋዎቹ ሃርሞኒክ አማካይ ጋር አንድ ይሆናል፤ ይህም ዋጋዎቹ እስከ ተለያዩ ድረስ ምንጊዜም ከቀላሉ አማካይ ያንሳል። በተቃራኒው ዋጋ ይበልጥ ይወደዳል ብሎ የሰጋ ነጋዴ በመጨረሻው ዙር ብዙ ቢገዛ፣ ቀላሉ አማካይ ወጪውን አሳንሶ ያሳየዋል። ስሕተቱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል የሚወስነው እንግዲህ የገዢው ጠባይ ነው።

ሁለት ዓይነት አማካይ

8,160 ብር የወሩ አማካይ ነው። ወሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም ግዥ በአንድ ላይ ተደምሮ የሚገኝ ነው። ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 2 እርስ በርሳቸው ሊተካኩ ለሚችሉ ዕቃዎች ሁለት ዘዴዎችን ይፈቅዳል፤ አንደኛው መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ እንደ ወጣ የሚቆጥረው፣ ሁለተኛው ክብደት የተሰጠው አማካይ ነው። የመጨረሻው የገባው መጀመሪያ እንደ ወጣ የሚቆጥረው ዘዴ በ2003 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ ተነሥቷል። አማካዩም በወቅቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ ወይም አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ሊሰላ እንደሚችል ደረጃው ይገልጻል። በኢትዮጵያ እነዚህን ደረጃዎች ተግባራዊ ለማድረግ መሠረት የሆነው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሲሆን፣ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣው ደረጃም በዚህ ረገድ ከዋናው አይለይም።

ደረጃው ሁለቱንም የአማካይ ስሌቶች እኩል ስለፈቀደ ልዩነታቸው ቀላል ይመስላል። ለዋጋ አተማመን ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዳቦ ቤቱ በቀን 3 ኩንታል ተኩል ገደማ ይጋግራል እንበል። ከሐምሌ 4 እስከ 16 ድረስ 45 ኩንታል ይጠቀማል፤ ሐምሌ 17 ጠዋት 15 ኩንታል ይቀረዋል። የዚህ ትራፊ ዋጋ 117,000 ብር ሲሆን፣ በ252,000 ብር የተገዛው 30 ኩንታል ሲጨመርበት 45 ኩንታል በ369,000 ብር ይሆናል። አዲሱ አማካይ 8,200 ብር ነው። በሚቀጥሉት ዐሥር ቀናት 35 ኩንታል ይወጣል፤ 10 ኩንታል በ82,000 ብር ይቀራል። ሐምሌ 27 የገባው 10 ኩንታል በ96,000 ብር ስለሆነ፣ በመጋዘን ያለው 20 ኩንታል 178,000 ብር ያወጣል። የዕለቱ አማካይ 8,900 ብር ሆነ ማለት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ 14 ኩንታል ይወጣል።

ሠንጠረዥ 1፦ የዱቄት መቆጣጠሪያ ካርድ በተንቀሳቃሽ አማካይ

| ቀን | እንቅስቃሴ | ኩንታል | የአንዱ ዋጋ (ብር) | ቀሪ ኩንታል | የቀሪው ዋጋ (ብር) |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐምሌ 4 | ግዥ | 60 | 7,800 | 60 | 468,000 |
| 4–16 | ወጪ | 45 | 7,800 | 15 | 117,000 |
| 17 | ግዥ | 30 | 8,400 | 45 | 369,000 |
| 17–26 | ወጪ | 35 | 8,200 | 10 | 82,000 |
| 27 | ግዥ | 10 | 9,600 | 20 | 178,000 |
| 27–30 | ወጪ | 14 | 8,900 | 6 | 53,400 |

በዚህ አያያዝ የወሩ የዱቄት ወጪ 762,600 ብር ነው። በወር ማብቂያው አማካይ ቢሰላ ደግሞ 94 ኩንታል በ8,160 ተባዝቶ 767,040 ብር ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የወጣውና የቀረው ሲደመር 816,000 ብር ስለሚሆን የጠፋ ገንዘብ የለም፤ የ4,440 ብሩ ልዩነት አንድ ጊዜ በወጪ፣ ሌላ ጊዜ በክምችት ውስጥ መቀመጡ ብቻ ነው። ለወሩ ሪፖርት ይህን ያህል አከራካሪ አይደለም።

አከራካሪ የሚሆነው ሐምሌ 27 ማታ የነገውን ዳቦ ዋጋ መወሰን ያለበት ሰው ዘንድ ነው። 8,160 ብር የሚባለው አማካይ በአብዛኛው ተጋግሮ፣ ተሽጦና ተበልቶ ያለቀ ዱቄት ዋጋ ነው፤ ከመቶው ኩንታል ሰማንያው በመጋዘን የለም። 8,900 ብር ግን በእውነት በመጋዘን ያለው የ20 ኩንታል ዋጋ ነው። ሦስተኛም ቁጥር አለ፤ 9,600 ብር። ይህ ቀጣዩ ጆንያ የሚገዛበት፣ በሒሳብ አነጋገር የመተኪያ ዋጋ የሚባለው ነው።

ከኩንታል ወደ አንድ ዳቦ

የዱቄቱ ዋጋ ወደ አንድ ዳቦ የሚወርደው ከአንድ ኩንታል በሚወጣው የዳቦ ብዛት በኩል ነው። አንድ ኩንታል ዱቄት በ60 ሊትር ውሃ ቢቦካና እርሾና ጨው ተደምረው ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆኑ፣ ሊጡ 162 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በማቡካት፣ በመቁረጥና በእጅና በጠረጴዛ ላይ በሚቀረው ሊጥ ሁለት በመቶ፣ በመጋገር ጊዜ በሚተነው ውሃ ደግሞ 12 በመቶ ያህል ቢቀንስ 140 ኪሎ የተጋገረ ዳቦ ይገኛል። ይህም ባለ 100 ግራም 1,400 ዳቦ ነው። ለእርሾ፣ ለጨው፣ ለመብራት፣ ለደመወዝና ለቤት ኪራይ በኩንታል 3,500 ብር ይወጣል፤ አንዱ ዳቦም በ9 ብር ይሸጣል እንበል።

የአንድ ኩንታል ሽያጭ 12,600 ብር ነው። ወጪው በወሩ አማካይ ሲሰላ 11,660 ብር ስለሚሆን 940 ብር ትርፍ ይታያል፤ በአንድ ዳቦ 67 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በዕለቱ ተንቀሳቃሽ አማካይ ትርፉ ወደ 200 ብር ይወርዳል፤ በአንድ ዳቦ 14 ሳንቲም። በመተኪያ ዋጋ ግን ወጪው 13,100 ብር ሆኖ 500 ብር ይጎድላል። ያው ዳቦ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ቀን ነው። የተለወጠው ዱቄቱ በየትኛው ዋጋ እንደ ተቆጠረ ብቻ ነው።

የጉድለቱ ትርጉም በገንዘብ ሳጥኑ በኩል ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከ12,600 ብር ላይ 3,500 ብር ለሌሎች ወጪዎች ሲከፈል ለዱቄት የሚቀረው 9,100 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ በ9,600 ብር ሒሳብ የሚገዛው 95 ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ነው። አንድ ኩንታል የጋገረ ዳቦ ቤት አንድ ኩንታል መልሶ መተካት አልቻለም ማለት ነው። በቀን 3 ኩንታል ተኩል ለሚጋግር ቤት ጉድለቱ በቀን 1,750 ብር፣ በ30 ቀን 52,500 ብር ይደርሳል፤ ከአምስት ኩንታል የሚበልጥ ዱቄት መግዣ ነው። የወሩ የሒሳብ መዝገብ ግን በዚያው ወቅት ትርፍ ሊያሳይ ይችላል። ባለቤቱ «ሒሳቡ አተረፍን ይላል፤ ብሩ ግን የለም» የሚልበት ሁኔታ ብዙውን ጊዜ በስርቆት ይጠረጠራል፤ ከመጠርጠር በፊት ይህን ልዩነት ማስላት ይገባል።

አማካዩ ከገበያው የሚዘገይበት ጊዜ ርዝመት የሚወሰነው በክምችቱ ዕድሜ ነው። የምሳሌው ዳቦ ቤት በቀረው 6 ኩንታል ላይ 20 ኩንታል በ9,600 ብር ቢጨምር፣ ተንቀሳቃሽ አማካዩ ወዲያው ወደ 9,438 ብር ገደማ ይወጣል። የአራት ቀን ዱቄት ብቻ የሚይዝ ቤት የሚዘገየው በአራት ቀን ነው፤ የሁለት ወር ዱቄት ያከማቸ ቤት በሁለት ወር ይዘገያል። ዋጋውን በወር ማብቂያ አማካይ የሚተምን ቤት ግን፣ የአንድ ቀን ዱቄት እንኳ ቢይዝ፣ ባለፈው ወር ዋጋ እየተመራ ይኖራል።

ይህ ሲባል የመተኪያ ዋጋን ብቻ መከተል ይሻላል ማለት አይደለም። መንገድ ለጥቂት ቀናት በመዘጋቱ የተወደደ ዱቄት መንገዱ ሲከፈት ይረክሳል፤ በየግዡ የዳቦ ዋጋ የሚቀያይር ቤት ደንበኛውን ያጣል። አማካዩ እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ መናወጥ ማለስለሱ ጥቅም ነው። ይበልጥ የሚያዋጣው አሠራር የሚጠበቀውን ግዥ እንደ አራተኛ ዙር ወደ አማካዩ ማስገባት ይመስላል። በመጋዘን 6 ኩንታል በ53,400 ብር ካለና በሚቀጥለው ወር 100 ኩንታል በ9,600 ብር ይገዛል ተብሎ ከታሰበ፣ የጠቅላላው አማካይ 9,560 ብር ይሆናል። ይህ ቁጥር ወደ መዝገብ አይገባም፤ ለዋጋ ውሳኔ ብቻ ያገለግላል። የዋጋ ንረቱ ጊዜያዊ ነው የሚል በቂ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ለአራተኛው ዙር ዝቅ ያለ ዋጋ ይገምታል፤ ግምቱም በግልጽ ስለተጻፈ በኋላ ሊመረመር ይችላል። ዋጋውን ሳይነኩ የዳቦውን ክብደት መቀነስ ሌላው የተለመደ መንገድ ነው፤ ክብደቱ በሚመለከተው አካል በተወሰነበት ቦታ ግን ይህ የስሌት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ይሆናል።

አማካዩ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ክብደት የተሰጠው አማካይ ክብደቱ ትክክል ካልሆነ ዋጋ የለውም። 50 ኪሎ ተብሎ የተሸጠ ጆንያ በሚዛን ላይ 49 ኪሎ ከሩብ ቢሆን፣ መቶው ኩንታል በእውነቱ 98 ኩንታል ተኩል ነው፤ ያው 816,000 ብር ለዚህ ሲካፈል አማካዩ 8,284 ብር ይሆናል። ዱቄት በአቀማመጥ እርጥበት እያጣ ክብደቱ መቀነሱም የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው መደበኛ ጉድለት በቀረው ዱቄት ዋጋ ላይ ይደረባል። ጣሪያ አፍስሶ ሁለት ኩንታል ቢበላሽ ግን ጉዳቱ መደበኛ ስላልሆነ የወሩ ኪሳራ ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ በዳቦው ወጪ ላይ አይጫንም። ሁለቱን ያደባለቀ ቤት የጣሪያውን ጥገና ቸልታ ደንበኛው እንዲከፍለው ያደርጋል።

የተንቀሳቃሽ አማካይ ዋነኛ ጠላት የዘገየ ሰነድ ነው። ዱቄቱ ሐምሌ 27 ገብቶ ደረሰኙ ነሐሴ 2 ቢደርስና ምዝገባው ደረሰኙን ቢጠብቅ፣ በመካከሉ የወጣው ዱቄት ሁሉ በአሮጌው 8,200 ብር ይቆጠራል። ምልክቱ በካርዱ ላይ ይታያል፤ ቀሪው 10 ኩንታል ሆኖ ሳለ 14 ኩንታል ስለ ወጣ ቀሪው ከዜሮ በታች ይሆናል። በተቃራኒው ኩንታሉ ዜሮ ሆኖ በዋጋው ዐምድ ላይ ገንዘብ ከቀረ፣ ጥቂት ሳንቲሞች ከሆኑ የማጠጋጋት ውጤት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን አንድ ግዥ ወይም አንድ ወጪ በተሳሳተ ዋጋ ገብቷል።

አማካይ ሊወጣላቸው የሚገባው እርስ በርስ የሚተካኩ ዕቃዎች ብቻ ናቸው የሚለው ሁኔታም ብዙ ጊዜ ይረሳል። መንግሥት በድጎማ ዋጋ ዱቄት በሚያከፋፍልበት ጊዜ፣ ይህ ዱቄት ለተወሰነ ክብደትና ለተወሰነ ዋጋ ዳቦ የተመደበ ስለሆነ በነጻ ገበያ ከተገዛው ጋር በአንድ አማካይ ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ የድጎማው ዳቦ ከእውነተኛ ወጪው በላይ፣ ሌላው ዳቦ ደግሞ በታች ይታያል። የዱቄት ጥራትም እንዲሁ ነው። ግሉተኑ ደካማ የሆነ ዱቄት ውሃ የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ በ60 ሊትር ምትክ 55 ሊትር ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከአንድ ኩንታል የሚወጣው ዳቦ ወደ 1,358 ገደማ ይወርዳል። በኩንታል 200 ብር ረክሶ የተገዛ እንዲህ ያለ ዱቄት በዳቦ ብዛት ሲታይ ርካሽ ላይሆን ይችላል፤ 42 ዳቦ በ9 ብር 378 ብር ነውና። በዚህ ጊዜ በኩንታል የተመዘነው አማካይ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ነገር ይመዝናል። ከእያንዳንዱ ግዥ የመጀመሪያውን ቡኮ ለይቶ መመዘንና የወጣውን ዳቦ መቁጠር ይህን በአንድ ጠዋት ያሳያል።

በመጋዘን ውስጥ ያለው አካላዊ አሠራር ከሒሳቡ ዘዴ ጋር መምታታት የለበትም። አዲስ ጆንያ ከአሮጌው ላይ ሲደረደር የሚወጣው ከላይ ያለው ስለሆነ የታችኛው ለነቀዝ ይቀራል። አማካይ ዋጋ መጠቀም አሮጌውን አስቀድሞ ከማውጣት ነጻ አያደርግም።

እስካሁን የታየው ዋጋ ሲወጣ ነው። የመኸር ስንዴ ገበያ ገብቶ ዱቄት ሲረክስ መዘግየቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል። በ9,600 ብር የተገዛ ዱቄት በመጋዘን የያዘ ቤት፣ በርካሹ የገዛው ጎረቤቱ ዳቦውን በ8 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ሲሸጥ በ9 ብር ለመቆየት ይቸገራል። ዋጋውን ወደ 8 ብር ከሃምሳ ቢያወርድ የኩንታሉ ሽያጭ 11,900 ብር፣ ወጪው ግን 13,100 ብር ነው። የሒሳብ ደረጃው በዚህ ጊዜ ጥሬ ዕቃው ከወጪው በታች እንዲመዘገብ የሚያዝዘው የዱቄቱ ዋጋ በመውረዱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዱቄቱ የሚሠራው ዳቦ ወጪውን መመለስ አለመቻሉ ሲታወቅ ነው። ዳቦው አሁንም በ9 ብር ከሃምሳ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ፣ ዱቄት በገበያ 8,000 ብር ቢገባም በመጋዘን ያለው በ9,600 ብር እንደ ተመዘገበ ይቆያል። ዳቦው ወጪውን የማይመልስ ሲሆን ደግሞ ክምችቱ ወደ ስንት እንደሚወርድ ለመገመት ከሁሉ የተሻለው መለኪያ የመተኪያ ዋጋው ሊሆን እንደሚችል ደረጃው ራሱ ያመለክታል።